የጥሞና ጊዜና የተፈበረከ ድምፅ፦ የስሎቫኪያ ምርጫ ተሞክሮ

ዲፕፌክ በሰው ሠራሽ አስተውሎት አማካይነት የአንድን ሰው ድምፅ ወይም ምስል አስመስሎ የሚፈበረክ ቅጂ ነው። በምርጫ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ብዙውን ጊዜ የሚገመተው ቅጂውን ባመኑ ሰዎች ብዛት ነው። በስሎቫኪያ የተከሰተው ጉዳይ ግን ቅጂው የተለቀቀበት ጊዜና የደረሰበት የማስተባበያ ሁኔታም የዚያኑ ያህል ሊመረመሩ እንደሚገባ ያሳያል።

እ.ኤ.አ. መስከረም 30 ቀን 2023 በስሎቫኪያ የፓርላማ ምርጫ ተካሄደ። ከድምፅ መስጫው ሁለት ቀን ቀደም ብሎ፣ የ«ፕሮግሬሲቭ ስሎቫኪያ» ፓርቲ መሪ ሚሃል ሺሜችካ ከአንዲት ጋዜጠኛ ጋር ምርጫ ስለማጭበርበር ሲመካከሩ የሚያሰማ ቅጂ በማኅበራዊ ሚዲያ ተሰራጨ። ሁለቱም ወዲያውኑ ሐሰት መሆኑን ገለጹ፤ የአዣንስ ፍራንስ ፕሬስ የመረጃ አጣሪዎችም በሰው ሠራሽ አስተውሎት የመፈብረክ ምልክቶች እንዳሉት አመለከቱ። ይሁን እንጂ አገሪቱ ቅስቀሳ በሚታገድበት የ48 ሰዓት የጥሞና ጊዜ ውስጥ ስለነበረች ማስተባበያው እንደ ቅጂው በስፋት ሊሰራጭ አልቻለም። በተጨማሪም የሜታ ኩባንያ መመሪያ በወቅቱ በግልጽ የሚከለክለው የተፈበረከ ቪዲዮን እንጂ ድምፅን አልነበረም። መራጩ በሰከነ መንፈስ እንዲወስን ታስቦ የተደነገገው ጊዜ ለሐሰተኛው ቅጂ ከለላ ሆነለት። የኢትዮጵያ የምርጫ ሕግም ተመሳሳይ የጥሞና ጊዜ ስላለው ጉዳዩ ለአገራችን ተመራማሪዎች ሩቅ አይደለም።

የተፈበረከ ድምፅ ከቪዲዮ ይልቅ ለማጋለጥ አስቸጋሪ የሚሆንበት ምክንያት አለ። በቪዲዮ ላይ የከንፈር እንቅስቃሴ ከቃሉ ጋር አለመጣጣሙን፣ የጥላ አቅጣጫን ወይም የፊት ጠርዝ መደብዘዝን ማስተዋል ይቻላል። ድምፅ ይህን የመሰለ መፈተኛ የለውም። «በምስጢር የተቀዳ» ተብሎ ሲቀርብ ደግሞ ሰሚው የጥራት ጉድለትን አስቀድሞ ይጠብቃል፤ ለጥርጣሬ ምክንያት ሊሆን የሚገባው ጫጫታና መቆራረጥ የእውነተኛነት ምልክት መስሎ ይታየዋል።

በምርጫው የሮበርት ፊጾ ፓርቲ «ስሜር» 22.9 በመቶ፣ «ፕሮግሬሲቭ ስሎቫኪያ» ደግሞ 18 በመቶ ያህል ድምፅ አገኙ። ከዚህ ተነሥቶ ቅጂው ውጤቱን ለወጠ ማለት ግን አይቻልም። ቅጂውን የሰሙትን ካልሰሙት ለይቶ የሚያነጻጽር መረጃ ከሌለ የቅጂውን ተጽዕኖ ከሌሎች ምክንያቶች መነጠል አዳጋች ነው። ያለ በቂ ማስረጃ «ዲፕፌክ ምርጫ አስገለበጠ» ብሎ መደምደም ራሱ በምርጫ ላይ ያለውን አመኔታ ይሸረሽራል።

የአመኔታው መሸርሸር ሐሰተኛ ቅጂ በሌለበትም ሊከሰት ይችላል። ከምርጫ ውጭ ቢሆንም የጋቦን ሁኔታ ለዚህ ምሳሌ ይሆናል። ለወራት ታመው ከሕዝብ ዕይታ የራቁት ፕሬዚዳንት አሊ ቦንጎ በ2018 መጨረሻ የአዲስ ዓመት መልእክት በቪዲዮ ሲያስተላልፉ ተቺዎቻቸው «ዲፕፌክ ነው» አሉ። ጥቂት ቀናት ቆይቶ የከሸፈ የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ተደረገ። ቪዲዮው የተፈበረከ ለመሆኑ ግን አሳማኝ ማስረጃ አልቀረበም። የሕግ ምሁራኑ ሮበርት ቼስኒና ዳንዬል ሲትሮን የዚህን ስጋት ሌላ ገጽታ «የውሸታም ትርፍ» ብለው ሰይመውታል፦ ማስመሰል እንደሚቻል ሕዝቡ ባወቀ መጠን ጥፋተኛው እውነተኛውን ማስረጃ «የተፈበረከ ነው» ብሎ ለመካድ ይቀለዋል።

መለያ ሶፍትዌርን ብቻ መተማመኛ ማድረግም ችግሩን አይፈታም። ለምሳሌ ያህል፣ ከ1,000 ቅጂዎች 20ው ሐሰተኛ ናቸው፣ ሶፍትዌሩም ሐሰተኛውንም እውነተኛውንም በ95 በመቶ ትክክለኛነት ይለያል እንበል። ከ20ው ሐሰተኞች 19ኙን ይይዛል፤ ከ980ው እውነተኞች ግን 49ኙን በስሕተት «ሐሰተኛ» ይላል። ምልክት ከተደረገባቸው 68 ቅጂዎች ከሁለት ሦስተኛ በላይ የሚሆኑት እውነተኛ ናቸው ማለት ነው። በመልእክት መተግበሪያዎች ደጋግሞ የተላለፈ ፋይል ስለሚጨመቅ ሶፍትዌሩ የሚመረምራቸው ረቂቅ ምልክቶች ሊጠፉ ይችላሉ፤ በሌላ ቋንቋ የሠለጠነ ሶፍትዌርም በአማርኛ ንግግር ላይ ተመሳሳይ ብቃት ይኖረዋል ብሎ መገመት አይገባም።

ስለዚህ ጠቃሚው ልማድ ጆሮን ከማሠልጠን ይልቅ የቅጂውን አመጣጥ መጠየቅ ነው። መጀመሪያ የሚፈለገው ቅጂውን አስቀድሞ ያወጣው አካል ማንነትና ሙሉው፣ ያልተቆረጠው ፋይል ነው። ቀጥሎ በቅጂው የተጠቀሰው ቦታና ጊዜ ተናጋሪው በዕለቱ ከነበረበት ሁኔታ ጋር ይመሳከራል፤ ቪዲዮ ከሆነ ደግሞ የዚያው ክስተት በሌላ ካሜራ የተቀረጸ ምስል መኖሩ ይጣራል። በመጨረሻም ቅጂው መልስ ለመስጠት በማይቻልበት ሰዓት መለቀቁ ይጤናል። እነዚህ ጥያቄዎች ሐሰትነትን በራሳቸው አያረጋግጡም፤ መልስ እስኪያገኙ ድረስ ግን ቅጂውን ለሌላ ከማስተላለፍ መቆጠብን ግድ ይላሉ። እውነተኛውን ቅጂ ከመካድ የሚታደጉትም እነዚሁ ጥያቄዎች ናቸው፤ ምንጩና ምስክሮቹ የታወቁለትን ማስረጃ «ዲፕፌክ ነው» በሚል ቃል ብቻ ማስተባበል አይቻልምና።