ቤቲ ሽቦውን ስታጥፍ ምን ታውቅ ነበር?

ቤቲና ኤብል በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ይኖሩ የነበሩ ሁለት ቁራዎች ናቸው። ዝርያቸው ከአውስትራሊያ በስተምሥራቅ በምትገኘው የኒው ካሌዶንያ ደሴት ብቻ የሚኖር ነው። ተመራማሪዎቹ ሊያውቁ የፈለጉት ቀላል ነገር ነበር። ሥጋ የያዘችና እጀታ ያላት ትንሽ ባልዲ በቁም ቱቦ ውስጥ አስቀመጡ፤ ለቁራዎቹም ሁለት ሽቦ አቀረቡ፤ አንዱ ቀጥ ያለ፣ ሌላው ጫፉ የቆለመመ። ጥያቄው ቁራ ትክክለኛውን ሽቦ መርጦ ባልዲዋን ማውጣት ይችላል ወይ የሚል ነበር።

በአምስተኛው ሙከራ ግን ኤብል የቆለመመውን ሽቦ ይዞ ሄደ። ለቤቲ የቀረላት ቀጥ ያለው ብቻ ነው። እሷም የሽቦውን አንድ ጫፍ ወትፋ ሌላውን በመንቆሯ ጎተተችው። ሽቦው ታጠፈ። በታጠፈው ሽቦ ባልዲዋን በእጀታዋ ስባ አወጣች።

ተመራማሪዎቹ ይህ አጋጣሚ እንዳይሆን ብለው ደገሙት። አሁን ቀጥ ያለ ሽቦ ብቻ ነበር የሚሰጣት። ከአሥር ሙከራ በዘጠኙ ሽቦውን አጥፋ ባልዲዋን አወጣች። ብዙ ጊዜ መጀመሪያ በቀጥታው ሽቦ ትሞክርና አልሆን ሲላት ነው ያጠፈችው። እ.ኤ.አ. በ2002 ውጤቱ በ«ሳይንስ» መጽሔት ሲታተም ቤቲ በዓለም ዙሪያ ታወቀች።

በእኛ አነጋገር ተልኮ የቀረ ሰው «የቁራ መልእክተኛ» ይባላል፤ የኖኅ መርከብ ታሪክ የቁራን ስም እስከ ዛሬ ይዞታል። ቤቲም አንዲት ሆና ሳለ የዝርያዋን ሁሉ ስም ያወጣች ወፍ ናት። ከእሷ በኋላ ስለ ቁራ ብልኀት የተጻፈው ብዙው የሚነሣው ከዚያች ሽቦ ነው። ስለዚህ ሽቦዋ ምን እንዳስረዳችና ምን እንዳላስረዳች በደንብ ማየት ያስፈልጋል።

ችግሩ የቆየ ነው። በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ እንግሊዛዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ሎይድ ሞርጋን ቶኒ የሚባል ውሻ ነበረው። ቶኒ በግቢው በር መቀርቀሪያ ሥር ጭንቅላቱን አስገብቶ ወደ ላይ ይገፋና በሩን ከፍቶ ይወጣ ነበር። የመጨረሻውን ብቻ ያየ ሰው፣ ውሻው የመቀርቀሪያን አሠራር ተረድቷል ማለቱ አይቀርም። ሞርጋን ግን መጀመሪያውንም አይቷል። ቶኒ በአጥሩ ክፍተቶች ጭንቅላቱን እያስገባ ወደ ውጭ ሲመለከት አንድ ቀን ሳያስበው መቀርቀሪያው ተነሣ፤ ከዚያ በኋላ ከንቱ ሙከራዎቹ ቀስ በቀስ እየቀሩ ሄዱ። ድርጊቱ አንድ ሆኖ ሳለ ትርጉሙን የሚለውጠው እንስሳው ከዚያ በፊት ያሳለፈው ነገር ነው። እኔም በዚህ መስክ ከሁሉ በላይ ሊጠየቅ የሚገባው ጥያቄ ይህ ይመስለኛል፦ እንስሳው ወደ ፈተናው ሲመጣ ምን ይዞ መጣ?

ቤቲ ሽቦ የማጠፍ ልምድ አልነበራትም ማለት ይቻላል፤ ከአንድ ዓመት በፊት በሚታጠፍ ለስላሳ ሽቦ ለአጭር ጊዜ ከመጫወቷ በቀር። ነገር ግን የተያዘችው ከዱር ነው፤ በዱር ምን ስታደርግ እንደቆየች ማንም አላየም።

መልሱ የመጣው ከ14 ዓመት በኋላ ነው። በስኮትላንድ የሴንት አንድሩስ ዩኒቨርሲቲው ክርስቲያን ሩትዝና ባልደረቦቹ ከዱር ለጊዜው የተያዙ 18 ቁራዎችን ተመለከቱ። ለወፎቹ ሽቦ አልሰጧቸውም፤ በአገራቸው ለመሣሪያነት የሚጠቀሙበትን ተክል ግንድ ነው ያቀረቡላቸው። ከ18ቱ ቢያንስ አሥሩ ግንዱን ከቆረጡ በኋላ እንደ ቤቲ አንዱን ጫፍ አስይዘው ሌላውን በመጎተት አጠፉት። ይህ የዝርያው የተለመደ ሥራ ነው ማለት ነው። ቤቲ ያደረገችው ብልኀት የለበትም አይባልም፤ ዳሩ ግን በዚያች ቅጽበት አዲስ ሐሳብ ፈጠረች የሚለው ማስረጃ ተዳከመ።

የሕይወት ታሪክን ለመቆጣጠር ያለው አንዱ መንገድ እንስሳውን ከጫጩትነት ጀምሮ ማሳደግ ነው። በ2005 የታተመው የኦክስፎርድ ጥናት አራት ጫጩቶችን በሰው እጅ አሳደገ። ማንኛቸውም መሣሪያ የሚጠቀም ትልቅ ቁራ አላዩም፤ ለሁለቱ አሳዳጊዎቻቸው በእንጨት ምግብ እንዴት እንደሚጎረጎር አሳዩአቸው፣ ለሌሎቹ ሁለት ምንም አላሳዩም። አራቱም ቢሆኑ በእንጨት ምግብ መጎርጎርን ጀመሩ። እንግዲህ መሣሪያ የመያዙ ዝንባሌ አብሮ የተወለደ ነው። ይህ ከሆነ አንድ ቁራ በእንጨት ትል ከግንድ ውስጥ ስላወጣ ብቻ ነገሩን ተረድቶታል ማለት አይቻልም፤ ሸረሪትም ድሯን የምታደራው ሳትማር ነው።

ሌላው መንገድ በዱር የማያጋጥም ፈተና መስጠት ነው። በኤዞፕ ተረት የተጠማው ቁራ ድንጋይ እየጣለ ውኃውን ከፍ እንዳደረገ ሁሉ፣ ተመራማሪዎች ምግብ በላዩ የሚንሳፈፍበትን ውኃ በቱቦ አድርገው ድንጋይ አቀረቡ። በ2014 በታተመው ጥናት የተሞከሩት የኒው ካሌዶንያ ቁራዎች በአሸዋ ከተሞላው ቱቦ ይልቅ ውኃ ያለበትን፣ ከሚንሳፈፈው ነገር ይልቅ የሚሰምጠውን መረጡ። ፈተናው የከበደው ቀጥሎ ነው። ሁለት ሰፋፊ ቱቦዎችና በመካከላቸው አንድ ጠባብ ቱቦ ቆሙ፤ ምግቡ ያለው ድንጋይ በማይገባበት በጠባቡ ነው፤ ጠባቡ ግን በስውር ከአንዱ ሰፊ ቱቦ ጋር ከሥር ተገናኝቷል። ትክክለኛው ቱቦ ውስጥ ድንጋይ ሲጣል ምግቡ ከፍ ይላል። ቁራዎቹ የትኛው እንደሆነ መለየት አልቻሉም። አንዱ ትርጓሜ፣ ወፎቹ ድንጋዩ ሲገባና ምግቡ ሲቀርብ በዓይናቸው በሚያዩት ግንኙነት ተመርተዋል፣ ግንኙነቱ ሲሰወር ግን የሚመራቸው ነገር ጠፋ የሚል ነው። ውድቀታቸው ከስኬታቸው ይበልጥ ስለ አስተሳሰባቸው ይነግረናል።

ወደ ኦክቶፐስ ስንመጣ ነገሩ ሌላ መልክ ይይዛል። በኢንዶኔዥያ ባሕር ጁሊያን ፊንና ባልደረቦቹ ከሃያ የሚበልጡ ኦክቶፐሶችን ተከታትለው በ2009 ያሳተሙት ምልከታ አለ። እንስሶቹ ሰው የጣለውን ግማሽ የኮኮናት ቅርፊት ከሥራቸው ደርበው በክንዶቻቸው ጫፍ እየቆሙ ሲጓዙ ታዩ። አካሄዱ ቀርፋፋና ለአዳኝ የሚያጋልጥ ነው፤ ቅርፊቱም በጉዞ ላይ አይከልላቸውም። ሲደርሱ ግን ከሥሩ ይሸሸጋሉ፤ ሁለት ግማሾች ካሉም ገጥመው መካከላቸው ይገባሉ። ጥናቱ ይህን መሣሪያ መጠቀም ያለው፣ ዛሬ የሚያስቸግር ነገር ለነገ ጥቅም ስለሚሸከሙ ነው። ሁሉም አልተስማማም። የቀንድ አውጣ ቅርፊት ለብሶ የሚኖረው ሸርጣንም ቤቱን ተሸክሞ ይዞራልና። ልዩነቱ ሸርጣኑን ቅርፊቱ ሁልጊዜ ይጠብቀዋል፤ ኦክቶፐሱ ግን ተሸክሞት ሳለ ምንም አይጠቅመውም። ይህ ልዩነት ለእኔ አሳማኝ ነው።

ይሁን እንጂ ልዩነቱ ድርጊቱን ይለያል እንጂ ምንጩን አይነግረንም። ኦክቶፐሶቹ ከኮኮናት በፊት ትልልቅ የባሕር ዛጎሎችን እንዲሁ ይሸከሙ እንደነበር ተመራማሪዎቹ ይገምታሉ። ከዚያ በላይ የሚያስቸግረው አኗኗራቸው ነው። የሚኖሩት አጭር ዕድሜ ነው፤ ብቻቸውን ያድናሉ፤ እናት እንቁላሎቿ ከተፈለፈሉ በኋላ ትሞታለች። ስለዚህ ከወላጅ መማር የሚባለውን መላምት ገና ከመጀመሪያው መጣል ይቻላል፤ ይህ ከቁራው ይልቅ ነገሩን ያቀለዋል። የሚቀሩት ሁለት ናቸው፦ አብሮ የተወለደ ዝንባሌ፣ ወይም እያንዳንዱ እንስሳ ራሱ የደረሰበት። እነዚህን የሚለየው በ2005 ለአራቱ ጫጩቶች የተደረገላቸው ዓይነት ሙከራ ነው፤ ኦክቶፐስን ዛጎልም ኮኮናትም ሳያይ ማሳደግ፣ ከዚያ ለስላሳ አሸዋ ባለበት ገንዳ ሁለት ግማሽ ቅርፊቶችን ተራርቀው ማስቀመጥ፣ በመጀመሪያው ቀን ምን እንደሚያደርግም ሳያስተምሩ መመልከት።