መስኮቱ ፊትን ሲያጨልም

በሳሎን ውስጥ ደማቁ ቦታ መስኮቱ አጠገብ ነው። በበዓል ቀን ቤተሰብ ተሰብስቦ ፎቶ ለመነሳት ሲያስብ ብዙ ጊዜ የሚደረደረውም ለዚህ ነው መስኮቱን ከጀርባው አድርጎ። ፎቶው ሲታይ ግን ሰማዩ ጥርት ብሎ፣ መጋረጃው ነጥቶ፣ ሰዎቹ ጥላ መስለው ይገኛሉ። የአያትየው ፊት ከነጭራሹ አይለይም። ያነሳው ልጅ ስልኩን ይጠራጠራል፤ ስልኩ ግን ጤነኛ ነው፣ የተሠራበትንም ስሌት በትክክል ሠርቷል።

ካሜራ ፎቶ ከማንሳቱ በፊት ምን ያህል ብርሃን እንደሚቀበል መወሰን አለበት። ለዚህም በምስሉ ክልል ውስጥ ያለውን ብርሃን ይለካና አማካዩ ከጥቁርና ከነጭ መሃል ወዳለ ግራጫ እንዲጠጋ ያደርጋል። በፎቶ ሙያ ይህ መካከለኛ ግራጫ ከሚያርፍበት ብርሃን 18 በመቶ ያህሉን የሚመልስ ነው ተብሎ ይያዛል። ገበያ፣ መንገድ ወይም ማሳ ሲነሳ ደማቁና ጨለማው ስለሚቻቻሉ ስሌቱ ያዋጣል። መስኮት ሲገባበት ነው የሚዛባው።

እስቲ ሳሎኑን በቁጥር እንየው። ጀርባውን ለመስኮት የሰጠ ሰው ፊቱ ላይ የሚያርፈው ከግድግዳና ከጣሪያ ነጥሮ የተመለሰ ትንሽ ብርሃን ብቻ ነው። ከመስኮቱ የሚታየው ሰማይ የፊቱን 64 እጥፍ ይደምቃል እንበል፤ በቀን ይህ የተጋነነ ግምት አይደለም። መስኮቱ የፎቶውን ግማሽ፣ ሰዎቹ ሌላውን ግማሽ ከያዙ አማካዩ የፊቱ 32 እጥፍ ያህል ይሆናል። ካሜራው ይህንን አማካይ መሃል ላይ ሲያስቀምጠው ፊቱ የሚደርሰው የመሃሉ አንድ ሠላሳ ሁለተኛ ነው፤ ማለትም ብርሃኑ አምስት ጊዜ በግማሽ ተቀንሷል። ፎቶ አንሺው ቀረብ ብሎ መስኮቱ የምስሉን አንድ አሥረኛ ብቻ እንዲይዝ ቢያደርግ አማካዩ ወደ 7 እጥፍ ይወርዳል። ለውጡ ትልቅ ነው፣ ፊቱ ግን አሁንም ጨለም ይላል።

የቆዳ ቀለምም ድርሻ አለው። ጥቁርና ጠይም ፊት ከቀይ ፊት ያነሰ ብርሃን ስለሚመልስ በዚያው መስኮት ፊት ይበልጥ ይጨልማል። ጎን ለጎን ከቆሙ እህትማማቾች የአንዷ ገጽታ እየታየ የሌላዋ ሊጠፋ የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው።

በቦታው የነበሩት ሰዎች ችግሩን ያላስተዋሉት ዓይን እንደ ካሜራ በአንድ መጠን ብቻ ስለማይሠራ ነው። ዓይን ከመስኮቱ ወደ ፊቱ ሲዞር ወዲያው ራሱን ያስተካክላል፤ አእምሮም ሁለቱን አዋህዶ እንደ አንድ እይታ ያቀርባቸዋል።

ፈጣኑ መፍትሔ ከማንሳት በፊት በስክሪኑ ላይ ፊቱን በጣት መንካት ነው። ያኔ አብዛኛው ስልክ ለፊቱ ቅድሚያ ሰጥቶ ብርሃኑን እንደገና ይለካል። ፊቱ ይወጣል፤ መስኮቱ ግን ነጭ ሆኖ ከውጭ ያለው ዛፍና ሰማይ ይጠፋል። ሁለቱንም ለማትረፍ HDR የሚባለው ዘዴ በተለያየ የብርሃን መጠን የተነሱ ምስሎችን ያዋህዳል። ልጆች ከተንቀሳቀሱ ግን ጠርዛቸው ሊደበዝዝ ወይም ሊደራረብ ይችላል።

ጨለማውን ፎቶ በኋላ በማስተካከያ ማብራት ብዙ አያዋጣም። ፊቱ ካለበት የሴንሰሩ ክፍል የተሰበሰበው ብርሃን ጥቂት ስለሆነ፣ ምስሉ ሲነጣ ጉንጭና ግንባር ላይ ሻካራ ነጠብጣብ ይወጣል፣ ቀለሙም ይበላሻል።

ስለዚህ ሥራው መጀመር ያለበት ከሰዎቹ አቋቋም ነው። ፎቶ አንሺው ጀርባውን ለመስኮቱ ቢሰጥና ቤተሰቡ ወደ መስኮቱ ቢዞር፣ ፊትን ሲያጨልም የነበረው ያው ብርሃን ፊት ላይ ያርፋል። ሶፋው ከባድ ሆኖ ቦታ መቀየር ካልተቻለ ሰዎቹ በጎናቸው ወደ መስኮቱ ዞር ይበሉ፤ አንዱ ጉንጭ ይበራል፣ ሌላው ለስለስ ያለ ጥላ ይይዛል። ስስ መጋረጃ መዝጋት የመስኮቱን ድምቀት ይቀንሳል። ነጭ አንሶላ ወይም ነጠላ ከምስሉ ክልል ውጭ በሰዎቹ ፊት ለፊት ዘርግቶ መያዝ ደግሞ የመስኮቱን ብርሃን ወደ ፊታቸው ይመልሳል፤ በቀረበ ቁጥር ይበልጥ ይሠራል። የስልክ ፍላሽ ደካማ በመሆኑ የሚረዳው ሰዎቹ በጣም ቅርብ ሲሆኑ ብቻ ነው።

ውጭ አገር ካለ ዘመድ ጋር በቪዲዮ ሲነጋገሩም ችግሩ ያው ነው። መስኮቱን ከኋላው አድርጎ የተቀመጠ ሰው ድምፁ እየተሰማ ፊቱ አይታይም። ወንበሩን አዙሮ ወደ መስኮቱ መቀመጥ ይበቃዋል፤ ካልተመቸውም መጋረጃውን ዘግቶ መብራት ከስክሪኑ ኋላ፣ ከዓይኑ ትንሽ ከፍ አድርጎ ማስቀመጥ ይችላል።