የናይትሪክ አሲድ ጎረቤት

የቤተ ሙከራ ጠርሙሶች በፊደል ተራ ሲደረደሩ ዓይን ይስባሉ። ችግሩ ‹‹ነ›› እና ‹‹አ›› በፊደል ተራ መቀራረባቸው ነው፤ ናይትሪክ አሲድ ከአሴቲክ አሲድ ጋር ጎን ለጎን ይቀመጣል። ሁለቱም ‹‹አሲድ›› ስለተባሉ ማንም አይጠረጥርም። በጠርሙሶቹ ላይ ያሉትን ምልክቶች ያየ ግን ይደነግጣል። በናይትሪኩ ላይ ከክብ በላይ የሚነድ ነበልባል አለ፤ ሌላውን ነገር ያቀጣጥላል ማለት ነው። ያልተበረዘው አሴቲክ ላይ ያለው ነበልባል ደግሞ ራሱ ተቀጣጣይ መሆኑን ይናገራል። አንዱ ከፈሰሰ ጎረቤቱ ማገዶ ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ መዝገቡ ላይ ከስሙ ጎን ምልክቱም ቦታውም ይጻፍ፦ ‹‹ናይትሪክ፣ አቀጣጣይና አቃጣይ፣ ታችኛው መደርደሪያ፣ ለብቻው በፕላስቲክ ትሪ››። እንጨት ላይ አይቀመጥም።

የማዘዣው ወለልም በግምት አይወሰንም። በወር 50 ሚሊ ሊትር የሚያልቅ ከሆነና ግዢው 3 ወር ከፈጀ፣ 150 ላይ የአንድ ወር መጠባበቂያ ተጨምሮ 200 ሲቀር ይታዘዛል። ርካሽ ነው ተብሎ 2.5 ሊትር መግዛት ግን ለ4 ዓመት ያህል ጣጣ ማከማቸት ነው፤ ከቆየ ይበላሻል። ቢጫ ከሆነ ወይም ክዳኑ ሲከፈት ቡናማ ጭስ ከወጣ፣ መበስበስ ጀምሯል።