ዓይንን የሚያደክም የመጽሔት ገጽ

በንባብ ላይ ያለ ዓይን በመስመሩ ላይ ተንሸራቶ አያልፍም። ይዘልላል፣ ያርፋል፣ እንደገና ይዘልላል። ቃሉን የሚያየው ባረፈ ጊዜ ነው፤ አንዱ እረፍት በአማካይ የሰከንድ ሩብ ያህል ይወስዳል። ከዝላዮቹ ሁሉ ረጅሙና ለስህተት የተጋለጠው ከመስመር መጨረሻ ወደ ቀጣዩ መስመር መጀመሪያ የሚደረገው ምልስ ነው። አንድ ገጽ አንባቢውን የሚያደክመው በአብዛኛው ይህን ምልስ ሲያረዝምበት፣ ሲያበዛበት ወይም መድረሻውን ሲያጠፋበት ነው።

የኤ4 ገጽ ወርድ 210 ሚሊ ሜትር ነው። ከግራና ከቀኝ 15 ሚሊ ሜትር ኅዳግ ቢተው ለጽሑፉ 180 ይቀራል። በ10 ፖይንት ፊደል ከዳር እስከ ዳር ቢለቀቅ አንድ መስመር እንደ ፊደሉ ዓይነት 15 ያህል የአማርኛ ቃላት ይይዛል። ያኔ ምልሱ ስለሚረዝም ዓይን መስመር ይዘላል፣ ወይም ያነበበውን መልሶ ይጀምራል። አንባቢ ጣቱን ገጹ ላይ አሳርፎ መስመር መከተል ከጀመረ ችግሩ እዚህ ነው። የግዕዝ ፊደላት ቁመታቸው ተቀራራቢ በመሆኑ ደግሞ በመስመሮች መካከል በቂ ክፍተት ካልተተወ ነገሩ ይብሳል።

ለዚህ መፍትሔ ተብሎ ገጹን አራት ዓምድ ላይ መከፋፈል ግን ሌላ ጣጣ ያመጣል። በዓምዶቹ መካከል 5 ሚሊ ሜትር ሲተው እያንዳንዱ ዓምድ 41 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሆናል፤ ይህም ሦስት ወይም አራት ቃል ነው። አማርኛ ቅጥያ እየደራረበ ቃሉን ያስረዝማል። «እንደሚያስፈልጋቸው» ብቻውን አሥራ አንድ ፊደል፣ በግምት 26 ሚሊ ሜትር ነው። መስመሩ ላይ ሁለት ቃላት ተጽፈው 18 ሚሊ ሜትር ቢቀር ይህ ቃል አይገባም፤ ወደ ታች ይወርዳል። ጽሑፉ ግራና ቀኙ እንዲስተካከል ከታዘዘ ኮምፒውተሩ ያንን 18 ሚሊ ሜትር በሁለቱ ቃላት መካከል ያፈስሰዋል። እንዲህ ያሉ ክፍተቶች ከመስመር መስመር ሲገጣጠሙ ዓምዱን ከላይ ወደ ታች የሚሰነጥቅ ነጭ መንገድ ይፈጠራል፤ ዓይንም ወደ ቀኝ መሄዱን ትቶ ወደ ታች ይሳባል። የብራና ጸሐፊዎች ቃሉን የትም ቆርጠው ያሻግሩት ነበር፤ ቃልን ከቃል የሚለዩት ሁለት ነጥቦች ስለነበሩ አንባቢ አይደናገርም። ነጥቦቹ በባዶ ቦታ ከተተኩ ወዲህ ግን የተቆረጠ ቃል ሁለት ቃል ይመስላል። ስለዚህ ጠባብ ዓምድ ግድ ከሆነ የቀኙን ጠርዝ ሳያስተካክሉ መተው ይሻላል። ለኤ4 ረጅም ጽሑፍ ሁለት ዓምድ፣ ማለትም እያንዳንዱ 87 ሚሊ ሜትር ሆኖ ሰባት ቃል ገደማ የሚይዝ፣ አስተማማኝ ምርጫ ነው።

ከጽሑፉ ተቀንጭቦ በትልቅ ፊደል የሚወጣው ጥቅስ ይህን ሁሉ ስሌት በአንድ ጊዜ ሊያፈርሰው ይችላል። 60 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው የጥቅስ ሳጥን በሦስት ዓምድ ገጽ ላይ የሁለት ዓምዶችን መጋጠሚያ ተደግፎ ቢቀመጥ፣ ዙሪያውን ከሚተወው ነጭ ቦታ ጋር ከየዓምዱ 31 ሚሊ ሜትር ያህል ይወስዳል። 57 ሚሊ ሜትር የነበረው ዓምድ 25 ገደማ ይቀረዋል፤ ሁለት ቃል ብቻ። ሳጥኑ ዓምዱን ሙሉ ለሙሉ ዘግቶ ዓረፍተ ነገር መሀል ላይ ሲገባም አንባቢ ጽሑፉ ከጥቅሱ በታች ይቀጥል ወይም ወደ ቀጣዩ ዓምድ ራስ ይውጣ አያውቅም፤ ሁለቱንም ሞክሮ ነው የሚያገኘው። ጥቅሱ በዓምዱ ራስ ወይም ግርጌ፣ በዓምዱ ልክ ሲቀመጥ ይህ አይደርስም። ጥቅሱ የተወሰደበት ዓረፍተ ነገር አጠገቡ ካለ አንባቢው ያንኑ ቃል ሁለት ጊዜ ማንበቡ ነው፤ ገጹን ለመሙላት ብቻ የገባ ጥቅስ ብዙ ጊዜ የሚታወቀው በዚህ ነው።

የአንቀጽ አከፋፈልም ከዓምዱ ስፋት ተለይቶ አይታይም። በ87 ሚሊ ሜትር ዓምድ ስምንት መስመር የሆነ አንቀጽ ወደ 41 ሲጠብ ከአሥራ ስድስት በላይ ይሆንና ማረፊያ የሌለው ረጅም ቁልቁለት ይመስላል። አንዳንድ አዘጋጅ ይህን ፈርቶ እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር አንቀጽ ያደርገዋል። ያኔ ዓይን በየሁለት መስመሩ አዲስ ሐሳብ ይጠብቃል፣ የሚያገኘው ግን የቀደመውን ሐሳብ ቅጥያ ነው። ይህ ስህተት ከረጅሙ አንቀጽ ይልቅ ያታክታል፤ ምክንያቱም ገጹ ሲያዩት ቀላል ይመስላል። አዲስ አንቀጽን ለማመልከት የመጀመሪያውን መስመር ገባ ማድረግ ወይም ባዶ መስመር መተው፣ ከሁለቱ አንዱ ይበቃል። የአንቀጹ የመጨረሻ ቃል ብቻዋን ተንጠልጥላ የቀጣዩ ዓምድ ራስ ላይ ከወጣች ደግሞ ክፍተት ከመዘርጋትና ከማጥበብ ይልቅ ከአንቀጹ ውስጥ አንድ ትርፍ ቃል መሰረዝ ይቀላል።

ገጹ ከመታተሙ በፊት በወረቀት አትሞ ገልብጦ ማየት የተለመደ መፈተሻ ነው። ፊደላቱ ስለማይነበቡ ነጫጭ መንገዶቹ፣ የተቆረጡት ዓምዶችና የተቆራረጡት አንቀጾች ወዲያው ይለያሉ። በስክሪን ላይ በጉልህ ተለጥጦ የሚታይ ገጽ ግን ይህን ይደብቃል፤ አንባቢው የሚይዘውን ትክክለኛ ልክ አያሳይምና።