ወረፋ ላይ የተገኘ ትእዛዝ የማን ነው?

እ.ኤ.አ. በ2008 መገባደጃ ላይ ኒውዮርክ ለሚገኘው ሲቲባንክ ሁለት ደርዘን ያህል የፋክስ ትእዛዞች ደረሱት። ሁሉም የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ እዚያ ካለው ሒሳብ ላይ ገንዘብ ወጥቶ ወደ ተለያዩ አገሮች እንዲተላለፍ የሚጠይቁ ነበሩ። በሰነዶቹ ላይ የሰፈሩት ፊርማዎች ሲቲባንክ ዘንድ ከተቀመጡት ናሙናዎች ጋር የሚመሳሰሉ ነበሩ። ሠራተኞቹ በፊርማው ብቻ አልረኩም፤ ትእዛዙን እንዲያረጋግጡ በስም ወደተጠቀሱት የባንኩ ኃላፊዎች ስልክ ደወሉ፤ ማረጋገጫም አገኙ። ከዚያ በኋላ 27 ሚሊዮን ዶላር ያህል ወደ ጃፓን፣ ደቡብ ኮሪያ፣ አውስትራሊያ፣ ቻይና፣ ቆጵሮስና እዚያው አሜሪካ ወዳሉ ሒሳቦች ተላለፈ። ብሔራዊ ባንክ ግን ከእነዚህ ትእዛዞች አንዱንም እንደማያውቀው አስታወቀ። ሲቲባንክም ገንዘቡን ለብሔራዊ ባንክ ሒሳብ መለሰ።

ነገሩ ኋላ በኒውዮርክ ፌዴራል ፍርድ ቤት በቀረበው ክስ ሲዘረዘር፣ ማጭበርበሩ የተጀመረው በገንዘብ ጥያቄ እንዳልነበረ ታየ። ከፋክሶቹ በፊት ለሲቲባንክ አንድ የሰነዶች ጥቅል ደርሶት ነበር። ጥቅሉ ባንኩ ከዚያ በኋላ የክፍያ ትእዛዝ በፋክስ እንዲቀበል የሚፈቅድ፣ ትእዛዝ ሲመጣም ለማረጋገጫ ሊደወልላቸው የሚገቡ ኃላፊዎችን ስምና ስልክ ቁጥር የሚዘረዝር ነበር። ቁጥሮቹ በናይጄሪያ፣ በደቡብ አፍሪካና በብሪታንያ የሚገኙ ተንቀሳቃሽ ስልኮች ሆነው ተገኙ፤ ስልኩን የሚያነሱትም አጭበርባሪዎቹ ራሳቸው ነበሩ። ጥቅሉ ራሱ በመልእክት አድራሽ ድርጅት የተላከው ከአዲስ አበባ ሳይሆን ከሌጎስ ነበር። ስለዚህ ሲቲባንክ "ሳያረጋግጥ ከፈለ" ማለት ልክ አይሆንም። አረጋግጧል፤ ያረጋገጠው ግን ጠያቂው ራሱ ባቀበለው አድራሻ ነው።

ከዚህ ታሪክ የሚወጣውን መርሕ በቀላሉ ማስቀመጥ ይቻላል። አንድ ፍተሻ ጥቅም የሚኖረው ትእዛዙ እውነተኛ ሲሆን አንድ መልስ፣ ሐሰተኛ ሲሆን ደግሞ ሌላ መልስ ሊሰጥ የሚችል ከሆነ ብቻ ነው። በሲቲባንክ ጉዳይ የተደወለለት ሰው ትእዛዙ የተጭበረበረ ቢሆንም ባይሆንም መልሱ አዎንታ ነው፤ እውነተኛ ከሆነ ባለሥልጣኑ ያጸድቀዋል፣ ሐሰተኛ ከሆነ አጭበርባሪው ያጸድቀዋል። ስለዚህ ጥሪው መቶ ጊዜ ቢደገም እንኳ ጠሪው ከመደወሉ በፊት ከሚያውቀው በላይ አንዲት ነገር አልጨመረለትም። የፊርማ ናሙናን ያገኘ አስመሳይ ባለበትም ፊርማን ከናሙና ጋር ማስተያየት እንደዚሁ ነው። ጥቅሉ የተላከበት ከተማ ግን የተለየ ነበር፤ ብሔራዊ ባንክ ቢልከው ኖሮ ከሌጎስ የሚመጣበት ምክንያት አልነበረም። ጠቃሚው ማስረጃ አጭበርባሪው ልብ ብሎ ያላስተካከለው ነገር ላይ ነበር።

ችግሩን የሚያከብደው ትእዛዞች የሚስተናገዱበት መንገድ ነው። በትልቅ ባንክ ውስጥ የክፍያ ጥያቄዎች ለአንድ ሰው በግል አይመጡም፤ ብዙ ሠራተኞች በሚጋሩት ወረፋ ላይ ይሰለፋሉ፣ ተራ የደረሰውን የተመቸው ሠራተኛ ያነሳዋል። ጥያቄውን ያነሳው ሠራተኛ ወረፋው ላይ ማን እንዳስቀመጠው አላየም። ከፊቱ ያለው ስም፣ መጠን፣ የተቀባይ ሒሳብና "በመጠባበቅ ላይ" የሚል ምልክት ብቻ ነው። እዚያ ላይ መገኘቱ ብቻውን ሕጋዊ ይመስላል፤ "ከኔ በፊት ያለው ክፍል አጣርቶት ይሆናል" የሚል ግምት በቀላሉ ይገባል። ከሱ በፊት ያለውም ክፍል በበኩሉ ከፋዩ እንደሚያጣራው ይገምታል። ወረፋው ላይ መሰለፍ የሚያሳየው ግን አንድ ነገር ብቻ ነው፦ አንድ ሰው እዚያ ሊያስገባው ችሏል። መቻልና ሥልጣን መያዝ ለየቅል ናቸው።

ይህን ልዩነት በትልቅ ልኬት ያሳየው እ.ኤ.አ. በየካቲት 2016 የባንግላዴሽ ማዕከላዊ ባንክ ዘረፋ ነው። ጠላፊዎች የባንኩን ኮምፒውተሮች ተቆጣጥረው፣ ባንኮች እርስ በርስ የክፍያ መልእክት በሚለዋወጡበት በስዊፍት መረብ አማካይነት፣ ለኒውዮርክ ፌዴራል ሪዘርቭ ባንክ 35 የክፍያ ትእዛዞችን ላኩ፤ ድምሩ ወደ 1 ቢሊዮን ዶላር ይጠጋል። ትእዛዞቹ መጀመሪያ የአጻጻፍ ሥርዓታቸው ስላልተሟላ ተመለሱ፤ ጠላፊዎቹ ግን አስተካክለው እንደገና ላኳቸው። ያ ፍተሻ የመለሰውን ስህተት ለላኪው ስለሚነግር፣ ሌባውንም ባለቤቱንም እኩል ያስተምራል። በሁለተኛው ዙር አምስቱ አልፈው 101 ሚሊዮን ዶላር ወጣ። ከሲቲባንኩ ጋር ሲነጻጸር እዚህ የተጭበረበረ ፋክስ የለም። መልእክቶቹ በእውነተኛው መረብ፣ በእውነተኛው ባንክ የይለፍ ቃል የተላኩ እውነተኛ የስዊፍት መልእክቶች ናቸው። የጎደለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይህን እንዲያደርግ የባንግላዴሽ ባንክ ሥልጣን የሰጠው ሰው አልነበረም።

በዳካ በኩል የነበረው መከላከያ የተረታበት መንገድም ይህንኑ ያስረዳል። በኋላ ተንኮል አዘሉን ፕሮግራም የመረመሩ የቢኤኢ ሲስተምስ ባለሙያዎች እንዳሳዩት፣ ጠላፊዎቹ ከስዊፍት ሶፍትዌር ውስጥ የለወጡት ሁለት ባይት ብቻ ነው፤ `75 04` የነበረውን `90 90` አደረጉት። የመጀመሪያው "ፍተሻው ካልተሳካ ወደ ስህተት ዝለል" የሚል ትእዛዝ ሲሆን ሁለተኛው "ምንም ሳታደርግ እለፍ" ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ፕሮግራሙ ይፈትሻል፣ ነገር ግን የፍተሻው ውጤት ምንም ቢሆን መልሱ "ትክክል ነው" ይሆናል። የተላኩ ክፍያዎችን በወረቀት የሚያትመው ፕሪንተርም ያው በተያዘው ሥርዓት ላይ የተንጠለጠለ ስለነበር ዝም አለ። ቀኑ ሐሙስ ማታ ነበር፤ በባንግላዴሽ ዓርብና ቅዳሜ የዕረፍት ቀናት ናቸው፣ በኒውዮርክ ደግሞ ቅዳሜና እሑድ። በዳካ የነበሩት ሰዎች ነቅተው ሊያስቆሙ ሲሞክሩ በኒውዮርክ የሚያነሳላቸው አላገኙም።

ቀሪውን ገንዘብ ያዳነው ከሥርዓቱ ውጭ የነበረ ነገር ነው። ወደ ስሪላንካ የሄደው 20 ሚሊዮን ዶላር የተቀባዩ ድርጅት ስም ውስጥ "ፋውንዴሽን" የሚለው ቃል በፊደል ስህተት ስለተጻፈ፣ ገንዘቡ የሚያልፍበት ዶይቼ ባንክ ጥያቄ አነሳና ተያዘ። ሌሎቹ ትእዛዞች ደግሞ ማኒላ ባለ ጁፒተር በተባለ ጎዳና ላይ ወደሚገኝ የባንክ ቅርንጫፍ የሚሄዱ ነበሩ፤ ጁፒተር የሚለው ስም በአሜሪካ ማዕቀብ ዝርዝር ውስጥም ስለነበረ ቀረብ ብሎ መመርመርን አስከተለ። ማኒላ የደረሰው 81 ሚሊዮን ዶላር ግን አብዛኛው በቁማር ቤቶች በኩል ደብዛው ጠፋ። የፊደል ስህተትና የጎዳና ስም መከላከያ ሊሆኑ አይገባም ነበር። የሠሩት ግን ሌባው ሊያስተካክላቸው ያላሰባቸው ምልክቶች ስለነበሩ ነው፤ የሲቲባንኩ ጥቅል ከሌጎስ ከመላኩ ጋር አንድ ዓይነት ናቸው።

እዚህ ላይ አንድ ጠንካራ ተቃውሞ ይነሳል። ትልቅ ባንክ በቀን እልፍ አእላፍ ትእዛዞች ያስተናግዳል፤ እያንዳንዱን በስልክ ማረጋገጥ ክፍያን ማቆም ነው፤ የደንበኛው ደሞዝ፣ የነጋዴው ዕቃ፣ የሆስፒታሉ መድኃኒት ወረፋ ላይ ይቀራል። ተቃውሞው ልክ ነው፤ መልሱ ግን ሁሉንም እኩል መፈተሽ ላይ አይደለም። ከባንግላዴሽ ማዕከላዊ ባንክ ሒሳብ ወደ ግለሰቦች የሚሄድ ክፍያ እምብዛም የማይታይ ነበር፤ ጠላፊዎቹ ካቀረቧቸው ትእዛዞች ብዙዎቹ ግን የግለሰቦች ነበሩ። ትእዛዝ ባልተለመደ መጠን፣ ባልተለመደ ተቀባይ፣ ባልተለመደ ሰዓት ሲመጣ፣ ጥቂቶቹን አግልሎ በሌላ መንገድ መጠየቅ ብዙኃኑን አያዘገይም። ከሁሉ በላይ ደግሞ ጥብቅ ፍተሻ የሚገባው ለገንዘቡ ትእዛዝ ሳይሆን ለፈቃዱ ዝርዝር ነው። "ከዛሬ ጀምሮ እነዚህን ሰዎች እመኑ፣ በዚህ ቁጥር ደውሉ" የሚል ደብዳቤ አንዲት ሳንቲም አያንቀሳቅስም፤ ስለዚህም ማንም አይጠነቀቅበትም። ግን ኋላ ለሚመጡት ትእዛዞች ሁሉ በር የሚከፍተው እርሱ ነው፤ በዓመት ጥቂት ጊዜ ብቻ ስለሚመጣም በደንብ ለማጣራት የሚጠይቀው ጊዜ ጥቂት ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ሕጋዊ ነው። በአሜሪካ የንግድ ሕግ አንቀጽ 4ኤ መሠረት ባንኩና ደንበኛው በተስማሙበት፣ ለንግዱ ምክንያታዊ በሆነ የደኅንነት ሥርዓት ተፈትሾ በቅን ልቦና የተፈጸመ ትእዛዝ፣ ደንበኛው ባያዘውም እንዳዘዘው ሊቆጠር ይችላል። ታዲያ ሥርዓቱን የተከተለ ምን ተጨማሪ ይጠበቅበታል? ሕጉ የሚመልሰው ኪሳራው በማን ላይ ይውደቅ የሚለውን ነው። ትእዛዙ የማን ነው የሚለውን አይመልስም። ገንዘቡ ከወጣ በኋላ ማን ይክፈል ብሎ መከራከርና ገንዘቡ እንዳይወጣ ማድረግ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። የስዊፍት ድርጅት ራሱ ከዘረፋው በኋላ በ2016 አባል ባንኮች የራሳቸውን ግቢ እንዲጠብቁ የሚያስገድድ የደኅንነት ፕሮግራም መጀመሩ፣ የመረቡ ትክክለኛነት ብቻውን እንደማይበቃ ማመን ነው።

እንግዲህ ወረፋው ላይ ሦስት ሚሊዮን ዶላር ወደ አንድ ግለሰብ ሒሳብ ይተላለፍ የሚል ትእዛዝ የጠበቀው ሠራተኛ ምን ያድርግ? በመጀመሪያ የጠያቂውን ስም ከትእዛዙ ሳይሆን ባንኩ ቀድሞ ከያዘው መዝገብ ያውጣ፤ ያ መዝገብ መቼና በማን ደብዳቤ እንደተለወጠ ይይ። ለውጡ የቅርብ ከሆነ የድሮው ቁጥር ላይ ይደውል። ሲደውልም ትእዛዙን አንብቦ "ትክክል ነው?" አይበል፤ "ዛሬ ምን ያህል፣ ለማን አዘዛችሁ?" ብሎ ይጠይቅ። ያላዘዘ ሰው የሁለተኛውን ጥያቄ መልስ አያውቀውም። የሚደወልለት ሰው ትእዛዙን ያዘጋጀው ራሱ ባይሆን ይመረጣል፤ ዛሬም በሥራው ላይ መሆኑ ይጣራ፤ ትእዛዝ ወረፋ ላይ ሲቆይ የፈረመው ሰው ሥልጣኑ ሊያልቅ ይችላልና። መልስ ካልተገኘ ትእዛዙ እንደታገደ ይቆይ። ኒውዮርክ ስለ አንዳንድ ትእዛዞች ማብራሪያ ጠይቆ ከዳካ መልስ ባላገኘበት ሰዓት፣ ዝምታው ፈቃድ አልነበረም።

ይህም ቢሆን ሁሉን አይሸፍንም። ሥልጣን ያለው ሰው ራሱ ከሌባው ጋር ከተስማማ፣ ወይም ተገድዶ ካዘዘ፣ በትክክለኛው ቁጥር የሚመጣው መልስ ትክክለኛ ድምፅ ይዞ ሐሰት ይነግራል። ለዚህ የሚሆነው ሁለት ሰዎች ተለያይተው እንዲያጸድቁ ማድረግ ነው፤ እርሱም ቢሆን ሁለቱ በአንድ ክፍል፣ በአንድ ኮምፒውተር ላይ ከተቀመጡ አንድ ሰው ከመሆን አያልፍም። መለኪያው በሁሉም ቦታ ያው ነው፤ ይህን መልስ የሚሰጠኝ ነገር፣ ጠያቂው ሌባ ቢሆን ኖሮ የተለየ መልስ ሊሰጠኝ ይችል ነበር? መልሱ "አይችልም" ከሆነ የተሠራው ሥራ የቢሮ ሥርዓት ነው እንጂ ማረጋገጥ አይደለም።