አንድ ጌም፣ ሦስት ነጥብ

ሳይበርፐንክ 2077 እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 10 ቀን 2020 ለገበያ ቀረበ። ሠሪው ሲዲ ፕሮጄክት ሬድ የተባለው የፖላንድ ኩባንያ ነው። አይጂኤን የተሰኘው ታዋቂ የጌም ድረ ገጽ ከ10 ዘጠኝ ሰጠው። ጌምስፖት ሰባት ሰጠው። ጌሙ ከወጣ ከቀናት በኋላ ደግሞ ያው አይጂኤን ሁለተኛ ግምገማ አወጣና አራት ሰጠው። ከሦስቱ ገምጋሚዎች የዋሸ የለም። ዘጠኙ በጠንካራ ኮምፒውተር ላይ የተጫወተ ሰው ነጥብ ነው። ሰባቱም እንደዚያው በኮምፒውተር ላይ የተሰጠ ነው፤ የሰጠችው ግን ሌላ ነገር የምትወድ ሰው ናት። አራቱ የተሰጠው በፕሌይስቴሽን 4 እና በኤክስቦክስ ዋን ላይ ለሚሠራው ቅጂ ነው።

የጌም ግምገማ ለሚያነብ ሰው ከዚህ የተሻለ ትምህርት አላውቅም። ምክንያቱም በአንድ ነጥብ ውስጥ የሚደባለቁት ነገሮች ሁሉ፣ ማለትም የገምጋሚው ምርጫ፣ የቴክኒክ ጉድለቱና ከመውጣቱ በፊት የተነፋው ማስታወቂያ፣ እዚህ ላይ በግልጽ ተለያይተው ይታያሉ።

ከማስታወቂያው ልጀምር። ኩባንያው ከዚያ በፊት በ2015 ዘ ዊቸር 3 የተባለውን ጌም አውጥቶ ከተጫዋቾች ትልቅ አመኔታ አትርፎ ነበር። ሳይበርፐንክ መሠራቱን ያስታወቀው በ2012 ነው። በ2018 ረጅም የጨዋታ ቪዲዮ አሳየ፤ በ2019 ደግሞ በሎስ አንጀለሱ የጌም ዐውደ ርእይ የፊልም ተዋናዩን ኪያኑ ሪቭስን መድረክ ላይ አውጥቶ በጌሙ ውስጥ እንደሚተውን አበሰረ። መውጫው ቀን በ2020 ብቻ ሦስት ጊዜ ተገፋ። እንዲያም ሆኖ ጌሙ ገበያ ከመድረሱ በፊት ከ8 ሚሊዮን በላይ ሰዎች አስቀድመው ገዝተውት ነበር። እነዚህ ሰዎች አንድም ግምገማ ሳያነቡ ገንዘባቸውን የከፈሉ ናቸው።

ማስታወቂያ ራሱን ማስታወቂያ እስካለ ድረስ ብዙ አያሳስበኝም። የሚያሳስበኝ ግምገማው ውስጥ ገብቶ ሲቀመጥ ነው፤ በዚህ ጌም የሆነውም ይኸው ነው። ኩባንያው ለገምጋሚዎች አስቀድሞ የሰጠው የኮምፒውተሩን ቅጂ ብቻ ነበር። የፕሌይስቴሽን 4 ቅጂ ከመውጫው ቀን በፊት አልደረሳቸውም። ግምገማዎቹ ከዲሴምበር 7 በፊት እንዳይታተሙ ቀጠሮ ተቆርጦ ነበር፤ ይህ በሙያው የተለመደ አሠራር ነው። ያልተለመደው ገምጋሚዎቹ ራሳቸው ሲጫወቱ የቀረጹትን ምስል እንዳያሳዩ መከልከላቸው ነው። በቪዲዮ ግምገማው ላይ ድምፁ የገምጋሚው ነበር፤ የሚንቀሳቀሰው ሥዕል ግን ኩባንያው መርጦ ያቀበለው ነው። አንባቢው ገለልተኛ ግምገማ ያየ ይመስለዋል፤ ዓይኑ የሚያየው ግን ማስታወቂያ ነው። ነጥቦችን የሚሰበስበው ኦፕንክሪቲክ የተባለው ገጽ በኋላ ይህ አሠራር የኮንሶሎቹን ሁኔታ ለመደበቅ ታስቦ የተደረገ ነው ብሎ በጌሙ ገጽ ላይ ማስጠንቀቂያ ለጥፏል።

እናም ማንኛውም ግምገማ ሲከፈት ከነጥቡ በፊት መታየት ያለበት ብዙ ጊዜ መጨረሻ ላይ በትንሽ ፊደል የሚጻፈው መስመር ነው፦ በምን ማሽን ተጫወቱት? ቅጂውን ማን ሰጣቸው? ምስሉን የቀረጸው ማን ነው? ይህ መስመር ከሌለ፣ ወይም የእኛ ማሽን ከተጠቀሱት ውስጥ ካልገባ፣ ከታች ያለው ቁጥር ስለ ሌላ ሰው ጌም የሚናገር ነው።

የፕሌይስቴሽን 4 ባለቤቶች በዲሴምበር 10 ያገኙት ጌም በእርግጥም ሌላ ነበር። ተንቀሳቃሽ ምስል የሚሠራው ተከታታይ ሥዕሎችን፣ ማለትም ፍሬሞችን፣ በፍጥነት በማሳየት ነው። ብዙ የኮንሶል ጌሞች በሰከንድ 30 ፍሬም ለማሳየት ይሠራሉ፤ በዚህ ፍጥነት አንድ ሥዕል ስክሪን ላይ የሚቆየው 33 ሚሊሰከንድ ያህል ነው። በመጀመሪያው ፕሌይስቴሽን 4 ላይ ሳይበርፐንክ በተጨናነቁ ቦታዎች ከ20 በታች ይወርድ ነበር። ያኔ እያንዳንዱ ሥዕል ከ50 ሚሊሰከንድ በላይ ስለሚቆይ፣ መኪና ሲነዳ ወይም ሲተኮስ ጣት ካዘዘው በኋላ ስክሪኑ እየዘገየ ይታዘዛል። በዚያ ላይ ግድግዳዎችና ፊቶች ጭቃ መስለው ቆይተው ነው የሚጠሩት፤ ጌሙም ደጋግሞ ይዘጋል።

ምክንያቱን ከኩባንያው መሥራቾች አንዱ ማርቺን ኢቪንስኪ በጃንዋሪ 2021 ባወጣው ቪዲዮ አብራርቷል። የጌሙ ከተማ ሰፊ ስለሆነ በአንድ ጊዜ በማሽኑ ሜሞሪ ውስጥ አይገባም፤ ተጫዋቹ በሄደ ቁጥር ቀጣዩ ሰፈር ከሀርድ ዲስክ እየተነበበ ይመጣል። ጌሙ መጀመሪያ በኮምፒውተር ላይ እንዲያምር ተደርጎ ተሠራ፤ ከዚያ ለአሮጌዎቹ ኮንሶሎች ሊጠበብ ተሞከረ። የእነሱ ዲስክ ግን ይህን ሁሉ በጊዜው አንብቦ ማቅረብ አልቻለም። ልብ በሉ፣ ከመውጫው ሁለት ሳምንት ገደማ ቀደም ብሎ የኩባንያው ኃላፊ ለባለአክሲዮኖች ጌሙ በአሮጌዎቹ ኮንሶሎች ላይ በሚያስገርም ሁኔታ ጥሩ እንደሚሠራ ተናግሮ ነበር። ሶኒ በዲሴምበር 17 ጌሙን ከኢንተርኔት መደብሩ አወጣው፤ ለገዢዎችም ገንዘባቸውን እመልሳለሁ አለ። ጌሙ ወደ መደብሩ የተመለሰው በጁን 2021 ነው።

በአማካይ ነጥብ ላይ የተመሠረተ አንባቢ ይህን ሁሉ ማየት አይችልም። ሜታክሪቲክ የብዙ ገምጋሚዎችን ነጥብ ከ100 ወደሚሰላ ቁጥር ቀይሮ አማካዩን ያወጣል። ለሳይበርፐንክ የኮምፒውተር ቅጂ 86 ሲወጣ የፕሌይስቴሽን 4ቱ 57 ላይ ቀረ። የ57ቱ ቁጥር ግን የመጣው ሰው ከገዛ በኋላ ነው። አማካይ እንደ ተማሪ የዓመቱ ውጤት ነው፤ 80 ያመጣ ልጅ ሒሳብ ላይ መውደቁን ከዚያ ቁጥር ማንም አያውቅም። አንዲት የጌም ኢንፎርመር ጋዜጠኛ ለምሳሌ፣ ጌሙ ውስጥ ባለ አንድ ብልጭልጭ የሚል ትዕይንት ምክንያት የሚጥል በሽታዋ እንደተነሣባት ጽፋ ሌሎች እንዲጠነቀቁ አሳሰበች። ኩባንያው ማስጠንቀቂያ ጨመረ፤ ትዕይንቱንም አሻሻለ። በዚያ ሳምንት ከተጻፈው ሁሉ ለአንዳንድ ሰው ይህ ከማንኛውም ነጥብ ይበልጥ ነበር፤ በአማካዩ ውስጥ ግን ቦታ የለውም።

አሁን ወደ ሰባቱ እንምጣ። የጌምስፖቷ ገምጋሚ ስለ ባጎቹ ጽፋለች፤ ዋና ቅሬታዋ ግን ከተማዋ ላይ ላዩን ናት፣ ብዙው ነገር ዓላማ የለውም የሚል ነበር። አንዳንድ የጎን ታሪኮችን ደግሞ አመስግናለች። ጌሙን ገና ያልነኩ ሰዎች ለዚህ ሰባት ሲሉ የስድብ ናዳ አወረዱባት። ይህ እኔን አሁንም ያናድደኛል፤ ምክንያቱም ከዚያ ሳምንት ግምገማዎች ውስጥ ለአንባቢ በጣም የሚጠቅመው አንዱ የእሷ ነበር። የምትወደውንና የማትወደውን በምክንያት ስለጻፈችው፣ ከእሷ ጋር የማይስማማ አንባቢ እንኳ ራሱን ሊለካበት ይችላል። መኪና እየነዳሁ መዞር ብቻ ይበቃኛል፣ የከተማዋ ሰዎች ጥልቀት አያሳስበኝም የሚል ተጫዋች ያንን ሰባት አንብቦ በደስታ ሊገዛ ይችላል። የምርጫ ነጥብ የሚነበበው እንዲህ ነው። ገምጋሚው ትክክል ነው ወይ ብሎ መጠየቅ ብዙ አያስኬድም፤ እሱን ያስከፋው ነገር እኔንም ያስከፋኛል ወይ ማለት ይሻላል። ቀደም ሲል የተጫወትነውን አንድ ጌም ያው ሰው እንዴት እንደገመገመው ማየት ለዚህ ከሁሉ ይረዳል።

አንድን ግምገማ ሳነብ ዓረፍተ ነገሮቹን እያንዳንዳቸውን እጠይቃቸዋለሁ። «ታሪኩ መሐል ላይ ይንዛዛል» የሚለው ምርጫ ነው፤ ሌላው ተጫዋች ያንኑ ርጋታ ሊወደው ይችላል። «ማሳደዱ ላይ ሁለት ጊዜ ተዘጋብኝ» የሚለው ቴክኒክ ነው፤ የማንም ምርጫ አይለውጠውም፣ ማሽኑና የጌሙ ቅጂ ቁጥር ግን ይለውጡታል። «ከዚህ በፊት ያልታየ ታላቅ ዓለም» የሚለው ሦስተኛው ዓይነት ነው። እሱን የምለየው በአንድ ጥያቄ ነው፦ ይህን ጌሙን ሳይጫወት ትሬለሩን ብቻ ያየ ሰው ሊጽፈው ይችል ነበር? ከቻለ፣ ዓረፍተ ነገሩ የመጣው ከገምጋሚው እጅ ሳይሆን ከማስታወቂያው ነው። ዘጠኝ ነጥብ ተሰጥቶት ጽሑፉ በሦስተኛው ዓይነት የተሞላ ግምገማ ሲያጋጥመኝ ነጥቡን አላምነውም።

አንድ ነገር ቀርቷል፤ እሱም ጊዜ ነው። ኩባንያው ጌሙን ለዓመታት ጠገነ። በሴፕቴምበር 2023 የወጣው 2.0 የተባለው አፕዴት ውጊያውን፣ የፖሊሱን አሠራርና የችሎታ ዕድገቱን ከሥር ለወጠው፤ በዚያው ወር የወጣው ተጨማሪ ታሪክም ከፍተኛ ነጥብ አገኘ። ዛሬ ስለ ሳይበርፐንክ የሚነገረው ባብዛኛው ውዳሴ ነው፣ ይገባዋልም። ሆኖም 2.0 እና ተጨማሪው ታሪክ ለፕሌይስቴሽን 4 እና ለኤክስቦክስ ዋን ፈጽሞ አልወጡም፤ እነሱ በ1.6 ተከታታይ ላይ ቆመው ቀርተዋል። በ2020 የኮምፒውተሩ ውዳሴ የፕሌይስቴሽን 4 ገዢዎችን አሳሳተ፤ ዛሬ ደግሞ የአዲሱ ቅጂ ውዳሴ ያንኑ ሰው እንደገና ሊያሳስት ይችላል።

ይህ እኛን በቀጥታ ይመለከታል። አዲስ አበባ ውስጥ ያገለገለ ፕሌይስቴሽን 4 ገዝቶ ዲስክ የሚፈልግ ወጣት ሳይበርፐንክን በቅናሽ ሊያገኘው ይችላል። ዲስኩ ላይ የታተመው የ2020 ጌም ነው፤ ጥገናው የሚመጣው በኢንተርኔት ነው፣ የሚወርደውም ብዙ ጊጋባይት ነው። ይህ ወጣት ከመክፈሉ በፊት ማንበብ ያለበት የ2023ቱን ውዳሴ ወይም የ2020ውን 57 አይደለም፤ 1.6 በአሮጌው ፕሌይስቴሽን 4 ላይ እንዴት እንደሚሠራ የሚያሳይ፣ ተጫዋቹ ራሱ የቀረጸውን ቪዲዮ ነው። ሲገዛም ሻጩ ጌሙን ከፍቶ በተጨናነቀ ገበያ መሐል መኪና እንዲነዳበት ይጠይቀው፤ ዲስኩ ዘግይቶ የሚያነብ ከሆነ እዚያ ላይ ይታያል። የተጫነውን የቅጂ ቁጥር ለማየት ደግሞ በኮንሶሉ ላይ የጌሙን ሥዕል መርጦ የኦፕሽንስ ቁልፉን ተጭኖ ኢንፎርሜሽን የሚለውን መክፈት ይበቃል።