የቦባን ስምንት ደቂቃ

ሰርቢያዊው ቦባን ማርያኖቪች ቁመቱ ከ2 ሜትር ከ20 ይበልጣል። እጁን ሲዘረጋ ለመዝለል ሳይቸገር ቀለበቱ ጋ ይደርሳል ማለት ይቻላል። ይህ ግዙፍ ሰው ግን እ.ኤ.አ. በ2016-17 የውድድር ዘመን ለዲትሮይት ፒስተንስ ሲጫወት አብዛኛውን ጊዜ ያሳለፈው ተቀያሪ ወንበር ላይ ነበር። በ35 ጨዋታ ተቀይሮ ገባ፤ በአማካይ 8.4 ደቂቃ ተጫውቶ 5.5 ነጥብ አስቆጠረ። በእሱ ቦታ ቋሚ ተሰላፊ የነበረው አንድሬ ድረመንድ በ29.7 ደቂቃ 13.6 ነጥብ ያገባ ነበር።

13.6 እና 5.5ን ብቻ ያየ ሰው ፍርዱን ለመስጠት አይቸገርም። ነገር ግን አንዱ የተሰጠው ደቂቃ የሌላውን ሦስት እጥፍ ተኩል ነው። ስለዚህ ሁለቱንም በእኩል ሰዓት ማስቀመጥ ያስፈልጋል። የተለመደው መለኪያ 36 ደቂቃ ነው፤ የኤንቢኤ ጨዋታ 48 ደቂቃ ቢሆንም ጥሩ ቋሚ ተጫዋች ሜዳ ላይ የሚቆየው ወደዚያ ገደማ ነውና። የቦባንን 5.5 ለ8.4 አካፍሎ በ36 ማባዛት ነው፦ 23.6 ይመጣል። የድረመንድ 16.5 ላይ ይቆማል። ተቀያሪው ቋሚውን በሰባት ነጥብ በለጠው!

ደቂቃም ቢሆን እኩል ሚዛን አይደለም። ሮጠው የሚያጠቁ ቡድኖች አሉ፣ ኳሱን እያዘዋወሩ ሰዓት የሚበሉም አሉ። ለዚህ የማጥቃት ተራ ይቆጠራል። ቡድኑ ኳስ ከያዘበት ቅጽበት ጀምሮ አግብቶ፣ ስቶ ወይም ተነጥቆ ኳሱ ለተጋጣሚ እስኪያልፍ ድረስ ያለው አንድ ተራ ነው፤ ስቶ ራሱ ሪባውንድ ከያዘ ግን ያው ተራ ይቀጥላል። ሁለት ተጫዋቾች በ24 ደቂቃ 15፣ 15 ነጥብ አገቡ እንበል። በዚያ ጊዜ የአንዱ ቡድን 45 ጊዜ፣ የሌላው 50 ጊዜ አጥቅቷል። በ100 ተራ ሲሰላ የመጀመሪያው 33 ይሆናል፣ የሁለተኛው 30። በደቂቃ ስሌት ግን እኩል ነበሩ።

ታዲያ ቦባን ለምን ቋሚ አልሆነም? የዓመቱ ደቂቃዎቹ ተደምረው 300 አይሞሉም፤ የድረመንድ ወደ 2,400 ይጠጋሉ። በጥቂት ደቂቃ ሁለት ጥሩ ምሽት አማካዩን ሽቅብ ይሰቅለዋል። ከዚያም ተቀያሪ ብዙ ጊዜ የሚገጥመው የተጋጣሚን ተቀያሪዎች ነው፤ አንዳንዴም የሚገባው ውጤቱ ካለቀለት በኋላ ነው። ስሌቱ ይህን አያይም፤ ድካምንም እንዲሁ፤ ስምንት ደቂቃ የሮጠ ሰው በሠላሳኛው ደቂቃ በዚያው ጉልበት ይሮጣል ብሎ ያስባል።

የቦባን ችግር ግን ከዚህም ይለያል። ፈጣን ተጋጣሚዎች ከቀለበቱ አርቀው ወደ ውጭ ሲጎትቱት ለመከላከል እግሩ አይደርስም ነበር፤ ይህ በነጥቡ ሠንጠረዥ ውስጥ አይጻፍም። በኤንቢኤ ቆይታው በየትኛውም የውድድር ዘመን በአማካይ 15 ደቂቃ ተጫውቶ አያውቅም።